የአክስቴ ሰማያዊ ሂጃብ

«በቤተ ክርስቲያን አሳሳል የቤተሰብ ሥዕል ሥራልን» የሚለኝ ሰው በዝቷል። አብዛኛው የሚያስበው ነገር ተመሳሳይ ነው። ፎቶው ይገለበጣል፣ ዓይኑ ይተልቃል፣ ዙሪያው በወፍራም ጥቁር መስመር ይከበባል፣ በቃ አለቀ።

እውነቱን ለመናገር ዓይን ማተለቁ ቀላሉ ሥራ ነው። የሚያስቸግረው ሌላው ነው። በዚህ አሳሳል ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር የለም። ፊት ወዴት እንደዞረ፣ ልብስ ምን ቀለም እንደሆነ፣ ልጅ በየትኛው ክንድ እንደታቀፈ፣ ማን ተልቆ ማን አንሶ እንደተሣለ፣ ሁሉም የሚለው ነገር አለው። ከልጅነታችን ጀምሮ ቅዳሴ ቆመን ስናየው ስላደግን፣ ማንም ሳያስተምረን እናነበዋለን። ስለዚህ አጎትህን በዚህ አሳሳል ስትሥለው፣ ሳታስበው የሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ ልትከተው ትችላለህ። የሌላ ሰው ያልኩት ለጨዋነት ነው። ይሁዳም ሊሆን ይችላል።

ይህን የምለው የራሴን ቤተሰብ ስሥል ካየሁት ተነስቼ ነው። ፎቶው የተነሳው ጅማ፣ ወላጆቼ ሳሎን ውስጥ ነው። ሶፋው ላይ አባባና እማዬ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው አክስቴ የምላት የአጎቴ ሚስት አለች፤ የእህቴን ሕፃን ልጅ ታቅፋለች። ከኋላ እህቴና አጎቴ ቆመዋል። ጥሩ ፎቶ ነው። ሁሉም የሚስቅበት፣ የማንም ዓይን ያልተጨፈነበት ፎቶ ደግሞ በእኛ ቤት ብርቅ ነው። እህቴ «ይኼንን እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል አድርገህ ሣልልን» አለችና ወደ መጣችበት ሄደች።

ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ በዚያ አሳሳል ዓይን ሳየው ሦስት ጣጣ ታየኝ። አጎቴ ወደ ጎን ዞሮ ነው የተነሳው። ከአባባ ጭንቅላት ጀርባ ክብ፣ ወርቃማ የግድግዳ ሰዓት አለ። አክስቴ ደግሞ ሰማያዊ ሂጃብ ለብሳ ሕፃኑን በግራ ክንዷ ታቅፋለች።

ከአጎቴ ልጀምር። በቆየው የቤተ ክርስቲያን አሳሳል ቅዱሳን በሁለት ዓይናቸው ነው የሚታዩት። ወይ ፊት ለፊት ናቸው፣ ወይ ፊታቸው ትንሽ ዘንበል ብሎ ሁለቱም ዓይኖች ይታያሉ። ከጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ የሚሣለው ክፉው ነው። ጌታን የሚገርፉት ወታደሮች፣ ይሁዳ፣ አጋንንት። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው ማለት አይደለም፤ በተለይ የኋለኞቹ ሰዓልያን ላላ አድርገውታል። ተመልካቹ ግን አልረሳውም። እማዬ የመጀመሪያውን ንድፍ ስታይ ጣቷን አጎቴ ላይ አድርጋ «ይኼ ምን አደረገ?» አለች። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

ስለዚህ አጎቴን ማዞር ነበረብኝ። ይህ ግን ከጎን የተነሳ ፎቶ ላይ ሁለተኛ ዓይን መጨመር አይደለም። ፊቱ ዘንበል ያለ ሰው በዚህ አሳሳል የራሱ አሠራር አለው። ወደኛ ያለው ጉንጭ ሰፊ ይሆናል፤ የወዲያኛው ጠባብ ነው። ጆሮ አንድ ብቻ ይታያል። የወዲያኛው ዓይን ግን በእውነተኛው ዓለም እንደሚሆነው አይጠብም፤ ከቅርቡ ጋር እኩል ሊሆን ምንም አይቀረው። ከዚያ ደግሞ የአሳሳሉ ዋና ምልክት የሆነችው መስመር አለች። ከወዲያኛው ቅንድብ ትነሳለች፤ ሳትቋረጥ ታጥፋ በአፍንጫ ሸንተረር ትወርድና አፍንጫው ጫፍ ላይ ትጠመዘዛለች። ቅንድብና አፍንጫ አንድ መስመር ናቸው ማለት ነው።

የአጎቴ መልክ ያለው አፍንጫው ላይ ነው። መሐል ላይ እብጥ ያለች አጥንት አለችው። ከጎን ሲታይ ቁልጭ ትላለች፤ ፊቱ ሲዞር ትጠፋለች። እንዳትጠፋ ያደረግኩት እዚያችው መስመር ላይ ነው። ከቅንድብ የሚወርደው መስመር መሐል ሲደርስ ትንሽ ወደ ውጭ ገፋ ብሎ እንዲመለስ አደረግኩት። ሦስት ሚሊ ሜትር ብትሆን ነው። አጎቴ የሚባለው ሰው በሙሉ እዚያች ሦስት ሚሊ ሜትር ላይ ነው ያለው። እሷን ሳወጣት ሰውየው ማንም ይሆናል፤ ስመልሳት እሱ ራሱ ይመጣል።

ሰዓቱ ቀላል ነው። አወጣሁት። ለምን እንደሆነ ግን መናገር ያስፈልጋል። በዚህ አሳሳል ጥልቀት የለም። ከኋላ ያለው ነገርና ከፊት ያለው ነገር አንድ ወለል ላይ ነው የሚቀመጡት። ስለዚህ ከጭንቅላት ጀርባ ያለ ማንኛውም ክብ ነገር አክሊለ ብርሃን ይሆናል። ሰዓት፣ ትሪ፣ የሶፋው ክብ ትራስ፣ የሚያምር ሰፌድ፣ ምንም ይሁን ምን። ቁጥሮቹን ብጽፍበት እንኳ አባባ ባለ አክሊል ቅዱስ ሆነው ነው የሚታዩት። እማዬ ይህን ስነግራት «እሳቸው ናቸው ባለ አክሊል?» ብላ የሳቀችውን ሳቅ እዚህ መጻፍ አልችልም።

ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። በሕይወት ያለን ሰው በዚህ አሳሳል መሣል አዲስ አይደለም። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴን ሲያሠሩ እዚያው ተሥለዋል። የተሣሉት ግን ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ነው። ንግሥት ናቸው፣ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ራሳቸው ናቸው፣ ቦታቸው ግን ታች ነው። ሰዓሊው የቱን ለማን እንደሚሰጥ ያውቅ ነበር። እኔም ከዚያ የወሰድኩት ይህን ነው። መስመሩን፣ ቀለሙን፣ ዓይኑን ለቤተሰቤ እወስዳለሁ፤ አክሊሉን አልወስድም። ስማቸውንም ከራሳቸው በላይ ስጽፍ በጥቁር ብቻ ነው የጻፍኩት። በብራና መጻሕፍት የቅዱሳን ስም የሚጻፈው በቀይ ቀለም ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ አክስቴ።

አክስቴ የአጋሮ አካባቢ ልጅ ናት፤ ሙስሊም ናት። ጅማ እንደዚህ ዓይነት ቤተሰብ ስንት አለ! በእኛ ቤት ኢዱም ፋሲካውም ሁለት ሁለት ጊዜ ይበላል። በፎቶው ላይ ጥቁር ሰማያዊ ሂጃብ፣ ከሥሩ ቀይ ቀሚስ ለብሳ፣ ሕፃኑን በግራ ክንዷ ይዛለች። ሣሎን ውስጥ ፎቶ ላይ ስታያት አክስቴ ናት። ወደዚህ አሳሳል ስታመጣት ግን ማንም ሰው በአንድ እይታ እመቤታችን ናት ይላል።

ምክንያቱ ይታወቃል። ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ የቆየ የማርያም ሥዕል አለ። በ1600 ገደማ የዚያ ሥዕል ቅጂዎች በኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በኩል አገራችን ገቡ። ሰዓልያኖቻችን ወደዱት፣ ወሰዱት፣ የራሳቸው አደረጉት። ከራስ የሚወርድ ሰማያዊ መጎናጸፊያ፣ ከሥሩ ቀይ ቀሚስ፣ ሕፃኑ በግራ ክንድ፣ እጆቿ ከፊት ተደራርበው፣ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ተዘርግተው፣ በግራ እጇ መሐረብ፣ ሕፃኑ እጅ ላይ መጽሐፍ። ሚስዮናውያኑ ተባረሩ፤ ሥዕሉ ግን ቀረ። ዛሬ ቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው፣ ታክሲ ላይ የሚለጠፈው የማርያም ሥዕል አብዛኛው የዚያ ዘር ነው። አክስቴ መሐረቡና መጽሐፉ ብቻ ነው የቀራት።

ይህን ለራሴ ወስኜ ብቻ አላለፍኩትም። ቤታቸው ሄድኩ። መጀመሪያ የጠየቅኳት እንዲህ ባለ ሥዕል ውስጥ መግባቱ ራሱ ይከብዳት እንደሆነ ነው። ፎቶ መነሳት ሌላ፣ የቤተ ክርስቲያን መልክ ባለው ሥዕል መሣል ሌላ ነው። ከዚያ ንድፉን አሳየኋት።

ብዙ አየችው። «እኔ ነኝ ይቺ?» አለች።

«አንቺ ነሽ። ግን ሰው ሲያይሽ ማርያም ናት ይላል።»

«መርየምማ እኛም ጋ ትከበራለች፣ ልጄ። እሷን አስመስለህ ግን እኔን አትሣለኝ። ነውር ነው፤ ለእናንተም ነውር ነው።» ትንሽ ቆይታ፣ «ያንን የኢድ አረንጓዴዬን አድርግልኝ» አለች።

አረንጓዴው አዳነኝ። አንድ ቀለም ሲቀየር ብቻውን የሚበቃ ይመስላል፤ አይበቃም። ሂጃቡን አረንጓዴ አድርጌው ቀይ ቀሚሱን፣ ግራ ክንዷንና ሕፃኑን እንዳሉ ብተዋቸው ሰው አሁንም ማርያምን ያያል፤ ልብሷ የተሳሳተ ማርያምን። ስለዚህ ሕፃኑን ከክንዷ አወረድኩት። ጭኗ ላይ፣ ወደ ቀኝ በኩል አስቀመጥኩት። እግሮቹ ወደ እኛ ተዘርግተዋል። አንድ እጁ የሂጃቧን ጫፍ ጨብጧል፤ ይህን ፎቶው ላይም ያደርገው ነበር። ቀሚሷን ቡና ዓይነት አደረግኩት። የሂጃቡን ጠርዝ ፊቷን አጥብቆ እንዲይዝ ሠራሁት። የማርያም መጎናጸፊያ ከግንባር ላይ ላላ ብሎ ነው የሚወርደው። ሂጃብ ግን አገጭ ሥር ይዘጋል፤ ፊትን ሞላላ አድርጎ ያወጣዋል። ለዚህ አሳሳል ከዚያ የተመቸ ነገር የለም። መስመሩ ራሱ የተዘጋጀ ነው።

መልክን እንዴት እንደምይዝ ሰዎች ይጠይቁኛል። ዓይን ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ ማን ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተደረደሩትን ባለ ክንፍ ፊቶች ያየ ሰው መልሱን ያውቃል። ዓይኖቻቸው ተመሳሳይ ናቸው፤ አንዱ ፊት ግን ከሌላው ይለያል። ልዩነቱ በቅንድብ ርቀት፣ በአፍ ጠርዝ፣ በአገጭ ስፋት ነው። የቤተሰብ ሥዕል ላይም እንደዚያው ነው። ዓይኑን ለሁሉም አንድ ቅርጽ ሰጠሁት። እማዬን የያዝኩት በግንባሯ ከፍታና በሹሩባዋ መነሻ ነው። እህቴን በአገጯ። አባባን በጆሯቸውና በመነጽራቸው።

ሰሌዳው 120 በ80 ሴንቲ ሜትር ነው። የትልልቆቹ ሰዎች ፊት ወርድ ወደ 13 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሰው በተፈጥሮው የአንድ ዓይኑ ርዝመት የፊቱን ወርድ አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ እዚህ 2.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። እኔ ወደ 3.5 ሴንቲ ሜትር አሳደግኩት። ከ4 ሲያልፍ ፊቱ ይወድቃል፤ ካርቱን ይሆናል። ዓይን ሲያድግ ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ይጠባል። ዓይኖቹን ወደ ጆሮ እየገፉ ያንን ቦታ ለማስፋት መሞከር የተለመደ ነው። አይሠራም። አፍንጫው ይጠብ እንጂ ዓይኖቹ ተቀራርበው ይቀመጡ።

ከትልቅነቱ በላይ ግን የብሌኑ አቀማመጥ ነው ወሳኙ። ጥቁሩ ክብ የላይኛውን ሽፋሽፍት መንካት አለበት። ጫፉ ሽፋኑ ሥር ገባ ማለት አለበት። ነጩ ከጎንና ትንሽ ከታች ብቻ ይታያል። ብሌኑ መሐል ላይ ተንሳፍፎ ነጩ ዙሪያውን ከታየ ሰውየው የደነገጠ ይመስላል። አንድ ሰው «ያፈጠጠ» ወይ «ያበደ» ካለ መጀመሪያ የማየው እዚያ ነው። መድኃኒቱ ዓይኑን ማሳነስ አይደለም፤ ብሌኑን ከፍ ማድረግ ነው።

የአባባ መነጽር ብዙ አስለፋኝ። በእውነት ይህ አሳሳል መነጽር አያውቅም። የዓይን መስመር ወፍራም ነው፤ የመነጽሩ ፍሬም ደግሞ ሌላ ወፍራም መስመር ነው። ሁለቱ በጥቁር ሲሠሩ ዓይኑ ውስጥ ሌላ ዓይን የተሠራ ይመስላል። እሳቸው ደግሞ «መነጽሬን አውጥተህ ሣለኝ» አሉኝ፤ መነጽር የሌለው አባቴ ግን አባቴ አይደለም። ፍሬሙን በጥቁር ሳይሆን በአፈር ቢጫ፣ ከፊታቸው ቀለም ጥቂት ብቻ በሚደምቅ፣ በአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል መስመር ሠራሁት። ከላይ በኩል ቅንድቡን እንዳይነካ ዝቅ አደረግኩት። ከሩቅ ሲታይ ፍሬሙ ይጠፋል፤ ዓይኑ ይቀራል። ቀረብ ሲሉ መነጽሩ ይመጣል። ይህንን ነበር የፈለግኩት።

ሁሉም እየሳቁ መሆናቸው ሌላ ጣጣ ነው። ቅዱሳን ጥርሳቸውን አያሳዩም። አፋቸው ትንሽና የተዘጋ ነው። እዚህ አሳሳል ላይ ጥርስ ሲሣል ወዲያው ያስፈራል። ሳቁን ወደ አፍ ጠርዝና ወደ ጉንጭ መስመር አዛወርኩት። እህቴ «ጥርሴስ?» ብላ መልእክት ልካለች። ጥርስሽ ፎቶው ላይ አለልሽ ብያታለሁ።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ፎቶውን መርሳት ነው የሚበጀው። መብራቱ ከመስኮት በኩል ስለመጣ የሁሉም ግማሽ ፊት ጨልሟል። በዚህ አሳሳል መስኮት የለም። መብራት ከአንድ ወገን አይመጣም። ፊት አንድ ወጥ ቀለም ይቀባል። ጥላው ደግሞ ከሱ ትንሽ የጠቆረ ሁለተኛ ቀለም ነው፤ ቦታውም የታወቀ ነው። ከአገጭ ሥር፣ ከአፍንጫ አንድ ጎን፣ ከአንድ ጉንጭ ጠርዝ። ለሁሉም ሰው በዚያው ቦታ።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሰው ቆዳ ቀለም ብዙም አይለያይም። ቤተሰብ ግን እንደዚያ አይደለም። እማዬ ቀይ ናት፣ አባባ ጠይም ናቸው፣ አጎቴ ከሁሉም ይጠቁራል። ሁሉንም ባንድ ቀለም ብቀባቸው አሳሳሉን ጠብቄ ቤተሰቡን አጠፋለሁ። ስለዚህ አንድ ዕቃ ውስጥ የአፈር ቢጫ፣ ቀይ ቡናማና ትንሽ ነጭ ቀላቀልኩ። ለእማዬ እንዳለ ወሰድኩት። የቀረው ላይ ቀይ ቡናማ ጨምሬ ለአባባ፣ ለአክስቴና ለእህቴ። አሁንም ጨምሬ ለአጎቴ። ከአንድ ዕቃ ስለወጡ ቀለሞቹ ይዋደዳሉ። ለየብቻ የተቀላቀለ ቀለም ግን ሰዎቹን ከተለያየ ሥዕል ተቆርጠው የተለጠፉ ያስመስላቸዋል።

የእማዬ ነጠላ ነጭ ነው፤ ንጹሕ ነጭ ግን አልቀባሁትም። ጠብታ የአፈር ቢጫ ገብቶበታል። ንጹሕ ነጭ እነዚህ ቀለሞች መሐል ሲቀመጥ ቀዳዳ ይመስላል። እጥፋቶቹን ከፎቶው አልገለበጥኩም። ከትከሻ ወደ ክንድ የሚወርዱ፣ እርስ በርስ ትይዩ የሆኑ ግራጫ መስመሮች ናቸው። ጥለቱንም ከእጥፋቱ ጋር አላጣጠፍኩትም፤ ዘርግቼ ነው ያስቀመጥኩት። ለጀርባው ቢጫ መረጥኩ። ታችኛው ክፍል ወደ ቀይ ይሄዳል። የኋለኛው የጎንደር አሳሳል ጀርባውን እንዲህ ከቢጫ ወደ ቀይ ወይ ወደ አረንጓዴ እያደባለቀ ይቀባል። አረንጓዴው ለአክስቴ ስለተያዘ እኔ ቀዩን ወሰድኩ። ጀበና፣ ስኒ፣ የቡና ቅርንጫፍ እንድጨምር ያልነገረኝ ሰው የለም። ጅማ ስለሆንን ብቻ! ለቱሪስት የሚሸጥ ነገር አይደለም የምሠራው።

መስመሩ የሚሠመረው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ስስ ንድፍ፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ቀለሙ ሲደርቅ መስመሩ እንደገና ከላይ። ብዙ ሰው «ወፍራም መስመር» ሲባል አንድ ዓይነት ውፍረት ይመስለዋል። አንድ ዓይነት ከሆነ ነው ካርቱን የሚሆነው። እኔ የልብሱንና የአካሉን ዙሪያ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ የፊቱን መስመር ከ2 እስከ 3 አደረግኩት። ከፊቱ መስመሮች ሁሉ የሚወፍረው የላይኛው ሽፋሽፍት ነው። የታችኛው ግን እንዳለ የሚታወቅ ያህል ቀጭን ይሁን። ፊት ላይ ንጹሕ ጥቁርም አልጠቀምም። ጥቁሩ ላይ ቀይ ቡናማ ይገባል። ለልብሱ ዙሪያ ግን ንጹሕ ጥቁር ይሆናል። ሁለቱን ያላነጻጸረ ሰው ልዩነቱን ላያውቀው ይችላል፤ ፊቱ ግን ለስለስ እንዳለ ያስተውላል።

መስመር እየቆሙ አይሠመርም። ከቅንድብ ተነስቶ አፍንጫ ጫፍ ድረስ በአንድ ትንፋሽ መውረድ አለበት። መሐል ላይ ከቆሙ መገናኛው ያብጣል። ቀለሙ ከብሩሹ እንዲፈስ ግን እንዳይንጠባጠብ በውኃ ይቅጠን። እጅ እስኪፈታ አሮጌ ጋዜጣ ላይ መለማመድ ነው። ይህን ያስተማረኝ ቤተ ክርስቲያን የሚሥል አንድ መሪጌታ ነው፤ እሳቸው ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር።

እንዲህ የደመቀ መስመርና ትልቅ ዓይን ከየት እንደመጣ ሳስብ ቦታው ነው የሚመጣልኝ። በክብ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሉ ያለው የመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። ብርሃን የሚገባው በበርና በመስኮት በኩል ተሹለክልኮ ነው። ምእመኑ ራቅ ብሎ ቆሞ ነው የሚያየው። ቀጭን መስመር እዚያ ይጠፋል። የእኛ ሳሎን ግን ከሶፋው እስከ ግድግዳው ሦስት ሜትር ቢሆን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብርሃን አለው። ስለዚህ መስመሩን ከቤተ ክርስቲያኑ ለመገልበጥ ሳይሆን ለሦስት ሜትር ነው የለካሁት። አንድ ፊት ሠርቼ በር ላይ ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ አየሁት። ከፊቱ በፊት መስመሩ የሚታይ ከሆነ ወፍሯል ማለት ነው።

ጅማ ላይ ሥዕል የሚሠራ ሰው ስለ እርጥበት ሳይናገር አያልፍም። ጥንት ሥዕሉ ጨርቅ ላይ ተሠርቶ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። እኔም ጨርቁን አልተውኩትም፤ ከሥሩ ግን ኮምፔንሳቶ አደረግኩ። አቡጀዲው መጀመሪያ ይታጠባል፤ ያልታጠበ ኮላ ሲነካው ይሸበሸባል። ከዚያ በውኃ በቀጠነ ኮላ ይለጠፋል። የኮምፔንሳቶው ጀርባም ኮላ መቀባት አለበት። ፊቱ ብቻ ከተቀባ ጀርባው የክረምቱን እርጥበት ይጠጣና ሰሌዳው ይቆለመማል። ሲደርቅ በጣት አጥንት መንኳኳት ነው። ድምፁ ባዶ የሆነበት ቦታ ላይ ጨርቁ አልያዘም። እዚያ በመርፌ ኮላ ይገባል።

ከላይ ጀሶ በኮላ ተበጥብጦ ስስ ስስ ተደርጎ ይቀባል፤ በየመሐሉ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። ልኩ በጣት ይታወቃል። አሸት ሲያደርጉት ነጭ ዱቄት ጣት ላይ ከቀረ ኮላው አንሷል፤ ነገ ቀለሙን ይዞ ይረግፋል። ካብረቀረቀና ቀለሙ ላዩ ላይ እየተንከባለለ አልይዝ ካለ ደግሞ ኮላው በዝቷል። ክረምት ላይ አንዱ ንብብር እስኪደርቅ መጠበቅ ትዕግሥት ያስጨርሳል። እኔ ከዚያ በኋላ የምሠራው በበጋ ነው።

ፍሬሙን የሠራልኝ የሰፈራችን አናጢ ነው፣ ከዋንዛ። ጅማ የእንጨት ሰው አይጠፋም፤ ሦስት እግር በርጩማውን ማን የማያውቅ አለ። ፍሬሙና ሰሌዳው መሐል ዙሪያውን ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት እንዲተው ነገርኩት። መጀመሪያ ሙያውን የነቀፍኩበት መስሎት ነበር። ክረምት ሲመጣ እንጨቱ ያብጣል፤ ክፍተት ከሌለ ሰሌዳውን ይገፋዋል ስለው ገባው። ቫርኒሹ ደግሞ የማያብረቀርቅ ነው። የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ያንን የደመቀ ቀለም ያሳምረዋል፤ ግን ሥዕሉ ከመስኮት ፊት ለፊት ከተሰቀለ የሚታየው መስኮቱ ነው።

ሥዕሉ ከተሰቀለ በኋላ አክስቴ መጥታ አየችው። ስለ ሂጃቧ ምንም አላለችም። «ልጁ ጫማ የለውም?» ነው ያለችው። የለውም፤ ፎቶው ላይም የለውም። አጎቴ ግን አሁንም «አፍንጫዬን አጋነንከው» ይላል።

አሁን አንድ ጎረቤታችን የሠርግ ፎቷቸውን ይዘው መጥተዋል። ሙሽራውና ሙሽሪት ፊት ለፊት ዞረው እርስ በርስ እየተያዩ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ዓይን። ከጀርባቸው ደግሞ ክብ የአበባ ቅስት አለ። ሌላ ፎቶ ካላቸው እንዲፈልጉልኝ ጠይቄያቸዋለሁ።